ቁጭ-ብድግ፦ የዘጠና ሰከንድ ምርመራ

በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው ተብሎ ተጽፏል። በታችኞቹ ክፍሎች ግን አብዛኛውን ትምህርት የሚያስተምረው አንድ መምህር ስለሆነ፣ አማርኛ አልቆ ሒሳብ ሲጀመር የሚወጣም የሚገባም ሰው የለም። የሚለወጠው በሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በሁለቱ ትምህርቶች መካከል እስከ ዛሬ ባለቤት ያልተገኘለት ጊዜ ይፈጠራል። በዚያ ጊዜ ላጲስ ይጠፋል፤ ስለጠፋው ላጲስ ክስ ይመሠረታል፤ ምስክር ይሰማል፤ ውሃ ያልጠማው ልጅ ውሃ ልጠጣ ይላል። ሒሳቡ ሲጀመር ክፍሉ ገና በችሎት ላይ ነው።

መምህራን ለዚህ ችግር ያገኙት መድኃኒት ቁጭ-ብድግ ይባላል። የዚህ ጥናት አቅራቢ ጨዋታውን የመረጠው ዕቃ ስለማይጠይቅ፣ በጀት ስለማያስይዝና ከወንበር በቀር ምንም ስለማይሰበርበት ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። መምህሯ «ብድግ!» ስትል ልጆቹ ይነሣሉ፣ «ቁጭ!» ስትል ይቀመጣሉ። ይህ ከ20 ሰከንድ አይበልጥም፤ ዓላማውም ማንንም ማሳሳት ሳይሆን እግርንና ጆሮን ማስተዋወቅ ነው። ከዚያ ሕጉ ይገለበጣል። «አሁን ተቃራኒ!» ትላለች። ቁጭ ሲባል መነሣት፣ ብድግ ሲባል መቀመጥ። የጨዋታው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እስካሁን የተሠራው ጅምናስቲክ ነበር።

በተቃራኒው ሕግ ልጁ ሁለት ሥራ አለበት። መጀመሪያ ሰውነቱ በለመደው መንገድ ሊሄድ ሲል ያዝ ያደርገዋል፣ ቀጥሎ ሌላውን ይሠራል። በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ችሎታ የሚለኩበት ፈተና አላቸው፤ ራስህን ንካ ሲባል የእግር ጣት መንካት፣ የእግር ጣት ሲባል ራስን መንካት ነው። ልብ የሚባለው ነጥብ አሰጣጡ ነው። ለተሳሳተ 0፣ በትክክል ላደረገ 2፣ ወደ ስሕተቱ ጀምሮ ራሱን ላረመ ደግሞ 1 ይሰጣል። በእኛ ክፍል ውስጥ ይህ አንድ ነጥብ በዓይን ይታያል፤ ቂጡ ከወንበሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ጉልበቱ እንደታጠፈ አየር ላይ የቀረ ልጅ ነው። ጥናቱ ይህን ክስተት «ግማሽ ብድግ» ሲል ሰይሞታል። ያ ልጅ በዚያች ቅጽበት ስለ ላጲሱ አያስብም። አያስችለውም።

ስለዚህ መምህር ሊቆጥር የሚገባው አሸናፊውን ሳይሆን ግማሽ ብድጎችን ነው። ብዙ ከሆኑ ጨዋታው እየሠራ ነው። አንድም ከሌለና ሁሉም ልክ ከሆኑ፣ ልጆቹ የመምህሯን ልማድ ደርሰውበታል ማለት ነው፤ አብዛኞቻችን ሦስት ጊዜ ቁጭ-ብድግ አፈራርቀን በአራተኛው እንደግማለን፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪም ይህን ለማወቅ ሳምንት አይፈጅበትም። ሁሉም ከተሳሳቱ ደግሞ ትእዛዙ ፈጥኗል።

ሌላው ችግር የሚመጣው ከአቀማመጥ ነው። በአንድ ዴስክ ሦስት ልጆች ይቀመጣሉ፤ ወንበሩና ጠረጴዛው የተያያዘ ስለሆነ መካከለኛው ልጅ በራሱ ውሳኔ ብድግ ማለት አይችልም። የሁለቱን ጎረቤቶቹን ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህም ብዙ ልጆች ድምፁን ትተው ጎናቸውን ያያሉ። ይህን መለየት ከባድ አይደለም፤ ክፍሉ እየሰማ ከሆነ በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ እየኮረጀ ከሆነ ግን መነሣቱ ከፊት ዴስክ ተነሥቶ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የመጨረሻው ዴስክ ሲነሣ የመጀመሪያው ተቀምጧል። መፍትሔው ዓይን ማስጨፈን ነው። ዓይኑን የጨፈነ ልጅ የሚኮርጀው የለውም። በጣቱ መካከል የሚያየውን ሳይጨምር።

የተሳሳተን ማስወጣት የተለመደ ነው፣ ግን ነገሩ ሲመረመር ይገርማል። ጨዋታው የተበተነ ሐሳቡን እንዲሰበስብለት የታሰበው ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ይሳሳታል፣ ወጥቶ ግድግዳ ይደገፋል፣ ከዚያም ሥራ ፈት ስለሆነ ይረብሻል። እስከ መጨረሻ የሚጫወቱት መጀመሪያውኑ ሐሳባቸው ያልተበተነው ናቸው። በሽተኛውን አስወጥቶ ጤነኛውን ማከም በሕክምናው ዘርፍ እስካሁን አልተሞከረም። የሚሻለው ማንንም አለማስወጣት ነው፤ የተሳሳተው ይስቃል፣ ይቀጥላል።

ጆሮ ተይዞ የሚሠራው ቁጭ-ብድግም ሊጠቀስ ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ቢደነግግም፣ ይህኛው ዓይነት ከአንዳንድ ክፍል አልወጣም። ሁለቱን ከመስኮት ውጭ ሆኖ ለሚያይ ልዩነታቸው ስውር ነው። በቅጣቱ ግን የሚሰማ ነገር የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ጆሮውም ተይዟል። ትናንት የተቀጣበትን ዛሬ ተጫወት የተባለ ልጅ ለጥቂት ጊዜ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ከዘጠና ሰከንድ በላይ መቀጠል አይመከርም። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ሳቁ ከትእዛዙ ይበልጣል፣ ጎን ያለው ክፍል ግድግዳ መደብደብ ይጀምራል፣ «ቲቸር፣ እሱ ተሳስቷል!» የሚሉ ጠበቆች ይበዛሉ። ልጆቹ ራሳቸው «ቁጭ!» እያሉ ማዘዝ ከጀመሩ ጊዜው አልፏል፤ መምህሩ ሥልጣኑን አጥቷል። የመጨረሻዎቹን አራት አምስት ትእዛዞች ማዘግየትና ድምፅን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ልጆቹ ለመስማት ሲሉ ዝም ይላሉ። የመጨረሻው ትእዛዝ ሁሉንም የሚያስቀምጥ ይሆንና፣ ያለ ምንም ዕረፍት «የሒሳብ ደብተር» ይከተላል። እዚህ ላይ «ጎበዞች! ደስ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የተሠራውን ሁሉ ያፈርሳል፤ ሃምሳ ልጅ መልስ አለው።

የተቃራኒው ሕግ መሻሩም በግልጽ መነገር አለበት። ይህ በአንድ ሁለተኛ ክፍል ተዘንግቶ ነበር። መምህሯ «ደብተር» ከማለቷ በፊት በሩ ተከፍቶ ሱፐርቫይዘሩ ከነማስታወሻው ገባ። ልጆቹ እንደ ወጉ ብድግ አሉ። እሱም በፈገግታ «ተቀመጡ ልጆች» አለ። ማንም አልተቀመጠም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ይበልጥ ቀጥ አሉ፤ ከኋላ ዴስክ አንዱ ጉልበቱን ማጠፍ ጀምሮ ነበር፣ በጊዜ ራሱን አረመ። ሱፐርቫይዘሩ ወደ መምህሯ ዞረ። እሷም ጥቂት አስባ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ተነሡ» አለች።

ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ተቀመጠ። ሱፐርቫይዘሩ የጻፈው ለጥናቱ አልቀረበም።