ሂላ የተሸከመው ሙሽራ

በቆላው የሰርግ ቀን የሚቆረጠው ሰሊጥ ተሽጦ ብር እጅ ከገባ በኋላ ነው። ጥር ከባተ እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ድረስ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ዳስ ያልተጣለበት ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። እኔም ከእነዚህ ዳሶች በአንዱ አንደኛ ሚዜ ሆኜ ተገኘሁ። ሱፍ ለብሻለሁ፤ ክራባት አንቆኛል፤ ፀሐዩ ደግሞ ሰርግ መሆኑን አላወቀም።

ድሮ ሚዜ ንግግር አያደርግም ነበር። ሙሽራዋን ከአባቷ ቤት ሲያወጣት ወንድሟ ይሆናል፤ ወደፊት ባሏ ቢያስቀይማት ክስ የምታሰማው ለእሱ ነው። ስድቡንም የሚጠጣው እሱ ነው፦ ደጃፍ ላይ የሙሽራዋ ጓደኞች በዘፈን መልኩን፣ አለባበሱን፣ ኪሱን እያነሡ ሲያብጠለጥሉት፣ ሽቶ እየረጨ ፈገግ ይላል። አሁን ግን ምግቡ እንደተነሣ ዲጄው «ከሚዜው ጥቂት ቃል» ይልና ማይኩን ያቀብላል። አብዛኛው ሚዜ «ሙሽራው ጥሩ ልጅ ነው፤ ትዳራችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን» ብሎ ይቀመጣል። ይሄ ምርቃት ነው፤ ምርቃት ከሆነ ደግሞ ከእኛ ሽማግሌዎቹ ይሻላሉ።

እኔ የመረጥኩት ሙሽራውን መሸንቆጥ ነው። ይሄም ወግ አለው። የሚነሣው ጥፋት የእጁ መሆን አለበት፤ የልቡ ከሆነ አይነሣም። የቀድሞ ወዳጅ፣ ብድር፣ መጠጥ ዳስ ውስጥ አይገቡም። መፈተኛውም ቀላል ነው፦ በዋዜማው ታሪኩን ለእናቱ ትነግራቸዋለህ። ሳቃቸውን በነጠላቸው ከሸፈኑ ይነገራል፤ ዝም ብለው ሽንኩርት መክተፋቸውን ከቀጠሉ ይቀራል። ደግሞ አንድ ታሪክ ብቻ ነው። ሁለተኛ ካለህ ለመልስ ታቆየዋለህ።

ተራዬ ሲደርስ ሰዉ ደክሞታል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ሽማግሌ ንግግራቸውን የጀመሩት ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁበት ከ1881 ዓ.ም. ነው፤ ወደ ሙሽሮቹ ለመድረስ ገና ብዙ ንጉሥ ሲቀራቸው ልጃቸው ጋቢያቸውን ጎተት አድርጎ አስቀመጣቸው። እኔ ቅርብ ዘመን ላይ ጀመርኩ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ይሄ ሙሽራ እቃ አይበረክትለትም። በር ሲከፍት እጀታው እጁ ላይ ይቀራል። ቡና ሲያቀብል ግማሹን ረከቦቱ ይጠጣዋል። አንቺ እህቴ፣ ዛሬ ቀለበቱን ጣትሽ ላይ ሲያጠልቅ እጁን በጉልበቱ አስደግፎ እንደነበር አይተሻል? እኔ ነኝ የመከርኩት።»

ወጣቶቹ ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ግን ገና ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። በዚህ አገር ሲኒ ሰበረ ቢባል ማንም አይገረምም። ስለዚህ ወደ ሰሊጡ ገባሁ።

ቆላ ላልወረደ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ሰሊጥ ቅጠሉ ረግፎ የታችኛው ፍሬው ቢጫ ማለት ሲጀምር ይታጨዳል፤ እስኪደርቅ እዚያው ቆሞ ከተጠበቀ እያንዳንዱ ፍሬ አፉን ይከፍትና ዘሩን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ታጭዶ በትንንሹ ይታሰራል፤ እስሮቹ ጫፋቸው ወደ ላይ እየሆነ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ። ይሄ ሂላ ይባላል። ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ሲመታው ፍሬው ሁሉ አፉን ወደ ሰማይ ይከፍታል፤ ዘሩ ግን ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ ውስጡ ይቀመጣል። ከዚያ ሸራ ይነጠፍና እስሩ ተገልብጦ፣ በዱላ መታ መታ ተደርጎ ይራገፋል። ሺህ ፍሬ ሰሊጥ ሦስት ግራም ገደማ ነው፤ መሬት ላይ የፈሰሰውን ለቅሞ የጨረሰ ሰው እስካሁን አልተወለደም። እንግዲህ ደረቅ እስር የሚያዝ ሰው ቀስ ማለት፣ ቀጥ ማድረግና ሐሳቡን መሰብሰብ አለበት። ሦስቱም ጓደኛዬ ዘንድ የሉም።

«አጎቱ እርሻ ላይ ራገፋ ደርሶ ነበር» አልኩ። «ሙሽራው ላግዝ ብሎ መጣ። እስሩን እንዴት ተሸከመው መሰላችሁ? እንደ ማገዶ እንጨት! ትከሻው ላይ አጋደመውና የፍሬውን ጫፍ ወደ ኋላ አድርጎ፣ እያፏጨ፣ ከሂላው እስከ ሸራው። ከኋላው ነጭ መስመር፤ ከመስመሩ ላይ ርግብ። ሸራው ላይ ሲደርስ እስሩን ገልብጦ መታው፤ አንድም አልወረደም። ወደ አጎቱ ዞሮ ምን አለ? ‹አጎቴ፣ ዘንድሮ ሰሊጡ አላፈራም እንዴ?›»

ዳሱ ተናወጠ። አጎትየው ራሳቸው በጋቢያቸው እንባቸውን ጠረጉ። እኔም አሁን አንድ ጥሩ ቃል አክዬ፣ ያው እጁ ቢያፈስም ልቡ አያፈስም ምናምን ብዬ፣ ልቀመጥ ስል የሙሽራዋ አባት እጃቸውን አነሡ።

«አንተ ልጅ፣ ቆይ። ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«ቀትር ላይ፣ አባቴ።»

«ቀትር!» ወደ ጎናቸው ዞሩ። «ደረቅ እስር በቀትር ይንቀሳቀሳል? ጠዋት፣ ጤዛው ሳይለቀው እንጂ! ደግሞስ ሸራው ወደ ሂላው ይሄዳል እንጂ ሂላ በሰው ትከሻ ወደ ሸራ ይሄዳል እንዴ? የልጁ ጥፋት አይደለም። የባለ እርሻው ነው።»

አማች ለአማቹ ጥብቅና ቆመ ማለት ነው፤ ሚዜ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? ችግሩ ባለ እርሻው እዚያው፣ ከፊት ወንበር ላይ፣ የጥብሱን አጥንት እንደያዙ መቀመጣቸው ነው።

«መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤» አሉ አጎትየው አጥንቱን አስቀምጠው። «ውሃው ሲለቀው እግር እስኪውጥ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቅ ላይ ሸራ ዘርግቼ እህሉን ለመሬት ልገብርለት?»

«ሸራው ድርብ አይደለም?»

«ነጠላ ነበር።»

«እህ!»

ከዚያ በኋላ የሚዜ ንግግር አስፈላጊ አልነበረም። የቋራ ዘመዶች ስንጥቁ በገለባ ይደፈናል አሉ። የኮኪቶቹ ገለባ ከሰሊጥ ጋር ከተደባለቀ ነጋዴው ዋጋ ይጥላል ብለው ተነሡ። አንዲት እናት የደረቀ እስር በነጠላ ጠቅልሎ መውሰድ ነው ብለው ሁለቱንም ወገን ሊያስታርቁ ሞከሩ፤ ማንም አልሰማቸውም እንጂ ከሁሉ የተሻለው ሐሳብ የእሳቸው ይመስለኛል። 1881ን የጀመሩት ሽማግሌም ዕድሉን አገኙና ሰሊጥ እዚህ አገር መቼ እንደገባ ሊያስረዱ ማይኩን ከእጄ ወሰዱት። ዲጄው ሙዚቃውን ይክፈት አይክፈት ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል፤ እኔ ሙሽራውን አያለሁ፤ ሙሽራው በጠቅላላ ጉባኤ ነፃ ስለተለቀቀ ደስ ብሎት የአማቱን ጠላ እየቀዳ ነው። ጠላው ጠረጴዛውን አልፎ እጅጌያቸው ላይ ደርሷል፤ ክርክሩ ስለያዛቸው አላወቁም።

ሙሽራዋ ቬሏን ገለጥ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ወንድሜ፣ ሸራው ላይ ደረሰ ብለሃል። ከዚያ በኋላስ? ምንም አላደረገም?»

«እሱ ለመልስ ነው» አልኳት።