ስሙን ሰምተነው አናውቅም

አዲስ አበባ ውስጥ ሠራተኛ በሚመለምሉ ሰዎች ዘንድ ድንቅ ችሎታ ተገኝቷል። የሥራ ልምድ ማስረጃውን ያነሣሉ፣ የድርጅቱን ስም ያያሉ፣ ሰምተውት የማያውቁት ከሆነም ወረቀቱን ወደ ጎን ያስቀምጡታል። በቃ። ድርጅቱ ስንት ሠራተኛ እንዳለው፣ በዓመት ስንት ብር እንደሚያንቀሳቅስ፣ አመልካቿም እዚያ ምን ስትሠራ እንደኖረች ሁሉ በአንድ እይታ ተደርሶበታል። ሲኒ ገልባጮች እንኳ ቡናው እስኪጠጣ ይታገሣሉ።

ችሎታው ይበልጥ የሚደነቀው ወረቀቱ ስለ ድርጅቱ ትልቅነት ምንም ስለማይናገር ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ምስክር ወረቀቱ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን እንዲይዝ ያዛል እንጂ ስለ አሠሪው ግዝፈት አይጠይቅም። ከስሙ ጫፍ ያለው «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለውም አያግዝም፤ 15 ሺህ ብር ካፒታል ያለውም፣ ፋብሪካ የደረደረውም እኩል ይለጥፈዋል። «ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው፤ ማኅበር ሆኖ የተቋቋመ ሁሉ ገቢው ምንም ያህል ቢያንስ ደረጃው «ሀ» ነው። መልማዮቹ ግን ያውቃሉ።

እንግዲህ ስም ይህን ያህል ከነገረ፣ አገሪቱ በዚሁ ጥበብ ብትጠቀም መልካም ነው። የሰፈር ባለሱቅ ሁሉ ነገ ጠዋት ስሙን «ግሎባል ኢንተርናሽናል ሆልዲንግ ግሩፕ» ብሎ ያስለውጥ። እናት ልጇን «ሩጥና ከሆልዲንግ ግሩፑ ጨው አምጣ» ትላለች። ሚዛን የሚይዘው ወጣት የሎጂስቲክስ ዳይሬክተር ይሆናል፤ ዱቤ የሚጽፍበት ደብተር የብድር ስጋት አስተዳደር መምሪያ ይባላል፤ ባለሱቁ ለምሳ ሲወጣ ሱቁን የሚጠብቀው የአክስቱ ልጅም ተጠባባቂ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች «ልጃችን የሆልዲንግ ሰው ነው» ብለው ይቀመጣሉ፤ የልጅቷም አባት አክብረው ይነሣሉ። ዓመት ሳይሞላ ሥራ አጥ አይኖርም፤ የሚኖረው ዳይሬክተር ብቻ ነው። ጨው የሚመዝን ቢጠፋም ጉዳት የለውም።

ታዋቂ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ ለዓመታት አንድ ዓይነት ሒሳብ ብቻ ሲያመሳክር የኖረውማ ሳይጠየቅ ያልፋል።

ሰውን በድርጅቱ ስም መመዘን ስንፍና ነው። ሌላ ስም የለውም።

አንዲት አመልካች እናስብ፤ 12 ሠራተኞች ባሉት የግንባታ ዕቃ አስመጪ ዘንድ «የፋይናንስ ኃላፊ» ነበረች። 12 የሚለው ቁጥር ያሳንሳታል፤ «ኃላፊ» የሚለው ያተልቃታል። ሁለቱም ሊዋሹ ይችላሉ። እውነቱ የሚወጣው ሥራው ሲጠየቅ ነው። በዓመት ስንት ኤልሲ ተከፈተ? ከባንኩ ጋር የተደራደረችው እሷ ናት ወይስ ባለቤቱ? እስከ ስንት ብር በእሷ ፊርማ ብቻ ይወጣል? ተጨማሪ እሴት ታክሱን በየወሩ ማን ያሳውቃል? ሰኔ 30 የተዘጋው ሒሳብ እስከ ጥቅምት 30 ለገቢዎች ሲቀርብ የኦዲተሩን ጥያቄ የመለሰው ማን ነበር?

ቼኩን ሁሉ ባለቤቱ የሚፈርም፣ እሷም ደረሰኝ የምታስር ከነበረች «ኃላፊ» የሚለው ከጌጥ አያልፍም፤ እንዲህ ያለ ጌጥ ደግሞ በትንንሽ ድርጅቶች ሞልቷል። ግን ኤልሲውን ከፍታ፣ የጉምሩኩን ዲክላራሲዮን ተከታትላ፣ የእያንዳንዱን ጭነት ወጪ አስልታ፣ ዓመቱን ራሷ ዘግታ ከሆነ፣ ትልቁ ባንክ ለብዙ ክፍሎች ያከፋፈለውን ሥራ ብቻዋን ይዛው ነበር። ልዩነቱ ዝርዝር ላይ ይታያል፦ የሠራ ሰው አንዱ ጭነት ወደብ ላይ ለምን እንደዘገየና ማን ዘንድ ሄዶ እንዳስለቀቀው ይተርካል፤ ያልሠራ ሰው «ሒደቱን አስተባብር ነበር» ይላል። ቀላሉ ጥያቄ «እርስዎ ሲታመሙ ማን ይሠራው ነበር?» የሚለው ነው።

የሠራተኛ ቁጥር ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ሩቅ አገር መሄድም ይቻላል። ፌስቡክ በ2014 እ.ኤ.አ. ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ፣ 450 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚ የነበረው ይህ ኩባንያ ከ55 ያልበለጡ ሠራተኞች ነበሩት። በእኛ መልማዮች ሚዛን «አነስተኛ፣ የቤተሰብ ድርጅት» ተብሎ ያልፍ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን የሥራ ማስታወቂያው ነው። «በታወቀ ድርጅት ውስጥ የሠራ» ይልና የራሱን ስም ሳይጽፍ «አንድ በንግድ ሥራ የተሰማራ ድርጅት» ብሎ ይፈርማል። ስሙ ቢጻፍም ከሁለት ሰፈር ወዲያ የሚያውቀው የለም፤ አምስት ዓመት አገልግሎ የሚለቀው ሠራተኛም ማስረጃውን ይዞ ሌላ መልማይ ፊት ይቀርባል።