ራም ራም ነው?

«ራም ራም ነው» አለኝ፣ አራት ካርዶች የሰካበትን ኮምፒውተር ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠ።

«ጫማም ጫማ ነው። ግራውን 42 ቀኙን 39 አድርገህ እስቲ ፒያሳ ድረስ ሂድ።»

«አትቀልድ ወንድሜ። የነበረኝ ባለ 8 ጊጋ ጥንድ ነው፣ 3200። ሌላ ባለ 8 ጊጋ ጥንድ በርካሽ አገኘሁና ጨመርኩበት። 32 ሞላ። ከዚያ ወዲህ ጌም መሃል MEMORY_MANAGEMENT ብሎ ሰማያዊ ይሆናል።»

«የጨመርከውስ ስንት ነው?»

«2666። ግን ባዮስ ውስጥ XMP አብርቻለሁ፣ አሁን ሁሉም 3200 ይላል።»

«እሱማ ይላል! ያልፈረመ ሰው ላይ ውል ጭነህ ‹ይኸው ተስማምቷል› ትላለህ። 3200 የሚለው ቁጥር የአንደኛው ጥንድ ፋብሪካ ለዚያ ጥንድ ብቻ ሞክሮ በ1.35 ቮልት የጻፈው ነው። አዲሶቹ የተሠሩት ለ2666 እና ለ1.2 ቮልት ነው። ደግሞ አትኩራ፣ ነባሩ ጥንድህም ቢሆን XMP ሲጠፋ በአብዛኛው የሚወርደው 2133 ላይ ነው።»

ትንሽ ቅር አለው። ዋጋ የከፈለበትን ቁጥር ነው የነካሁበት።

«እሺ፣ ግን ዊንዶውስ ይነሳል እኮ!»

«መነሳት ማረጋገጫ ሆኖ ነው? ባዮሱ ሲነሳ ጥቂት ሙከራ አድርጎ ‹ይቻላል› ብሎ ያልፋል። ካርዶቹ ሲሞቁ፣ ሥራ ሲበዛ ነው ጉዱ የሚወጣው።»

«ያው 3200 ብገዛስ ኖሮ? የአንድ ድርጅት ቢሆንስ?»

«ያኔም አልምልልህም። የራም ቺፕ የያዘውን እንዳይረሳ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ በሚታደስበት ቅጽበት ደግሞ ሥራ አይቀበልም። ያ ዕረፍት tRFC ይባላል፣ ርዝመቱም እንደ ቺፑ ይለያያል። ፕሮሰሰሩ ግን በአንድ ቻናል ላሉት ካርዶች ሁሉ አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ለአንዱ የበቃው ዕረፍት ለሌላው ካጠረ፣ እድሳቱ ሳያልቅ ትእዛዝ ይመጣበታል፣ መረጃውም ይበላሻል። ድርጅቱ ያው፣ ሽፋኑ ያው፣ የሞዴል ቁጥሩ ሳይቀር ያው ሆኖ ውስጡ ያለው ቺፕ ዛሬ የሳምሰንግ፣ ነገ የማይክሮን ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው አራት ካርድ በአንድ ማሸጊያ ሲሸጥ ዋጋውን የሚጨምረው አብረው መሥራታቸውን ስለሞከረ ነው።»

ካርዶቹን ነቅዬ ተለጣፊያቸውን አሳየሁት። የነባሩ 1Rx8፣ የአዲሱ 2Rx8።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሁለቱም 8 ጊጋ አይደሉም?»

«ናቸው። አንዱ 8 ጊጋውን በ8 ቺፕ ይዟል፣ ሌላው በ16። አንድ ራንክ ማለት አብረው 64 ቢት የሚያቀብሉ ቺፖች ናቸው። በ1Rx8 አንድ ራንክ አለ፣ በ2Rx8 ሁለት። አንተ በየቻናሉ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ ስትሰካ ሦስት ራንክ፣ 24 ቺፕ ሆነ። ትእዛዝና አድራሻ የሚያደርሰው ሽቦ ሁሉንም መድረስ አለበት፤ ጭነቱ በበዛ ቁጥር ምልክቱ ይደበዝዛል።»

«እኔ እንጃ፣ ፕሮሰሰሬ 3200 ይችላል ተብዬ ነው የገዛሁት።» ራይዘን 5 3600 ነው።

«ይችላል፣ በሁለት ካርድ። ኤኤምዲ ራሱ ለዚህ ትውልድ የጻፈውን አንብብ፤ አራት ካርድ ባለ አንድ ራንክ ሲሆን 2933፣ አራት ካርድ ባለ ሁለት ራንክ ሲሆን 2666። የአንተ ድብልቅ በሁለቱ መካከል ተሰንቅሮ 3200 ይጠይቃል።»

«ስለዚህ ባለ ሁለት ራንክ መጥፎ ነው።»

«ማን አለ? ሁለት ብቻ ብትሰካ እንዲያውም አንዱ ራንክ ሲታደስ ፕሮሰሰሩ ከሌላው ጋር ይሠራል፣ ትንሽ ትፈጥናለህ። እኔ የምጠላው ግፊያውን ነው።»

MemTest86 በፍላሽ አስነሳሁና ነባሩን ጥንድ A2 እና B2 ላይ ብቻውን አሳደርኩት፣ ንጹሕ። በማግስቱ አዲሱን ጥንድ በራሱ ፍጥነት፣ ንጹሕ። አራቱን በ3200 ስሰካ ግን ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ።

«ታዲያ የተበላሸው የትኛው ነው?» አለ ሲመጣ።

«የትኛውም።»

ይሄን መቀበል ነው የከበደው። የተበላሸ ካርድ ቢኖር ለሁለታችንም ይቀል ነበር። XMP አጥፍቼ፣ ፍጥነቱን በእጄ ሞልቼ አራቱንም በ2400 አስኬድኩ፤ ሌሊቱን ያለ ስህተት አደረ። ጌም ላይ የፍጥነቱ መቀነስ ይሰማዋል፤ ነገር ግን በየመሃሉ ለሚዘጋ ኮምፒውተር ፍጥነት ምን ያደርግለታል? ካልተስማማው ሁለቱንም ጥንድ ሸጦ ባለ 16 ጊጋ አንድ ጥንድ ይግዛ ብያለሁ።

«ሻጩ ግን የዓመት ዋስትና ሰጥቶኛል» አለ፣ ለመመለስ እየተነሳ።

«ለራሙ ነው የሰጠህ፣ ራሙ ደግሞ ደህና ነው። ከነባሩ ጋር አብሮ እንዲሠራ ማን ዋስ ሆነልህ?»