ሰባት ወንዝ በአምስት ፊደል፦ የአዛምድ ጥያቄ ጥናት

የአዛምድ ጥያቄ ሁለት ዝርያ አለው፤ እኩል አዛምድና ያልተካከለ አዛምድ። እኩሉ በ«ሀ» ረድፍ ስድስት አገር፣ በ«ለ» ረድፍ ስድስት ዋና ከተማ አለው። ጋና ከአክራ፣ ኬንያ ከናይሮቢ፣ ኡጋንዳ ከካምፓላ ይገናኛሉ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ሦስት ዋና ከተማ ያላት ደቡብ አፍሪካ በዚህ ጥያቄ ላይ እምብዛም የማትጋበዘውም ሰላም እንዳይደፈርስ ሳይሆን አይቀርም።

የእኩል አዛምድ ቸርነት በሒሳብ ሊረጋገጥ ይችላል። አምስቱን አገሮች የሚያውቅ ተማሪ ሴኔጋል የትኛው አህጉር ላይ እንዳለች ባያውቅም ዳካርን በነጻ ይወስዳል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናትና። ምንም የማያውቀውም ቢሆን ባዶውን አይሄድም። ስድስቱን ፊደላት በጭፍን በውዞ አንድ አንድ ጊዜ ቢያድላቸው፣ በአማካይ አንድ ያገኛል። ጥያቄው ስድስት መሆኑ ቀርቶ ስድሳ ቢሆንም አማካዩ ያው አንድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ግን አምስት ከስድስት የሚባል ውጤት አለመኖሩ ነው። አንድ ፊደል ቦታውን ከሳተ የሌላውን ቦታ ይዟል ማለት ስለሆነ ስህተት ሁልጊዜ ቢያንስ በጥንድ ይመጣል። ፊደል ሳይደግምና ቦታ ሳይዘል ሠርቶ አንድ ብቻ የሳተ ተማሪ እስካሁን አልተወለደም፤ አይወለድምም።

ያልተካከለው አዛምድ የተፈጠረው ይህን ቸርነት ለመግታት ነው። አንዱ ረድፍ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፣ አንዳንዱ ፊደል ሁለቴ ሦስቴ ይሠራል፣ አንዳንዱም ሥራ ፈትቶ ይውላል። ይህ የመምህሩ ተንኮል ይመስላቸዋል ተማሪዎች። የኢትዮጵያን ወንዞች ያየ ሰው ግን ተንኮሉ የመልክዓ ምድሩ እንጂ የመምህሩ አለመሆኑን ይረዳል።

ለምርመራ የሚመች አንድ ናሙና እንውሰድ። ትእዛዙ «በ‹ሀ› ረድፍ ያሉትን ወንዞች ውሃቸው በመጨረሻ ከሚደርስበት ቦታ ጋር አዛምድ» ይላል። በ«ሀ» ረድፍ 1. አባይ፣ 2. ተከዜ፣ 3. ባሮ፣ 4. ኦሞ፣ 5. አዋሽ፣ 6. ገናሌ፣ 7. ዋቢ ሸበሌ ተሰልፈዋል። በ«ለ» ረድፍ ያሉት አምስት ብቻ ናቸው፤ ሀ. ሜዲትራኒያን ባሕር፣ ለ. ህንድ ውቅያኖስ፣ ሐ. ቀይ ባሕር፣ መ. ቱርካና ሐይቅ፣ ሠ. አቤ ሐይቅ።

አንድ ትጉህ ተማሪ ሥራ ይጀምራል። አባይን ሀ ብሎ ሜዲትራኒያንን በእርሳስ ይሰርዛል። ኦሞ ወደ ቱርካና፣ አዋሽ ወደ አቤ፣ ገናሌም ጁባ ሆኖ ወደ ህንድ ውቅያኖስ እንደሚሄዱ ያውቃልና ሦስቱንም ሞልቶ ይሰርዛል። አሁን በእጁ የቀሩት ተከዜ፣ ባሮና ዋቢ ሸበሌ፣ ያልተሰረዘውም ቀይ ባሕር ብቻ ነው። ለአፍታ ያስብና ሦስቱንም ወደ ቀይ ባሕር ይነዳቸዋል።

ተከዜ በሰሜን ስላለ ይቅርታ ይደረግለት ይሆናል። ባሮ ግን ከጋምቤላ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ የሚፈስ ወንዝ ነው፤ ቀይ ባሕር ለመድረስ ተመልሶ የወረደበትን ደጋ መውጣት አለበት። እውነተኛው መንገድ ሌላ ነው። ተከዜ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ይቀላቀልና ከካርቱም በስተሰሜን አባይን ያገኘዋል። ባሮም ከፒቦር ጋር ሶባት ሆኖ ማላካል አጠገብ ነጭ አባይ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሀ ሦስት ጊዜ ትሠራለች፤ ሐ ደግሞ አንድም ጊዜ አትጠራም። ከሰባቱ ወንዞች አንድም ቀይ ባሕር የሚደርስ የለም። ወደዚያ አቅጣጫ የሚያመራ የሚመስለው አዋሽ ነበር፤ እሱም ከጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል።

ትጉሁ ተማሪ ከሰባት አራት አገኘ። ከኋላ የተቀመጠው፣ ጥያቄውን ሳያነብ ሰባቱንም ሀ ያለው ተማሪ ሦስት አገኘ። አራት ወንዝ እስከ መጨረሻው በማወቅና አንድም ባለማወቅ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነጥብ ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባሮን ወይም ተከዜን አውጥቶ አንድ ፊደል ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይሠራ ማድረግ፣ ከትእዛዙም ሥር «አንድ ፊደል ከአንድ ጊዜ በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ የማያገለግልም ይኖራል» ብሎ መጻፍ። ይህ ዓረፍተ ነገር በጎደለበት ክፍል የሚለካው የወንዝ እውቀት አይደለም፤ መምህሩን የመጠርጠር ድፍረት ነው። ይህም በእርማት ጊዜ በግልጽ ይታያል፦ ከ«ለ» ረድፍ ጎን የስረዛ ጭረት የበዛበት ወረቀት ላይ ቀይ ባሕር ብዙ ወንዝ ጠጥቶ ይገኛል።

ያልተካከለው አዛምድ በኩረጃ ላይ ያመጣው መዘዝ ለብቻው ጥናት የሚሻ ነው። በእኩሉ ጊዜ አስኮራጁ «አንድ፣ ሀ» ካለ በኋላ ሀ ዳግም አይነሳም። በዚህኛው ግን «ሁለት፣ ሀ» ሲል ኮራጁ አንደኛውን መልሶ የነገረው ይመስለዋል፤ «ሦስት፣ ሀ» ሲልማ ጓደኝነቱ ይበጠሳል። በዚያ ላይ በሹክሹክታ ሀና ሐ አይለዩም። ሀሌታው ከሆነ ወንዙ ሜዲትራኒያን ይገባል፤ ሐመሩ ከሆነ ቀይ ባሕር። «ሐመሩ» የሚለውን ቃል ፈታኙ ሳይሰማ ማድረስ ስለማይቻል የተካኑት በጣት መቁጠርን መርጠዋል፤ አንድ ጣት ሜዲትራኒያን፣ ሦስት ጣት ቀይ ባሕር ነው።

አሁን እርማቱን የሚያውከው ዋቢ ሸበሌ ብቻ ቀርቷል። የመልስ ቁልፉ ለ፣ ህንድ ውቅያኖስ ይላል፤ የተፋሰስ ካርታም ይህንኑ ይደግፋል። ወንዙ ግን ሶማሊያ ገብቶ ከሞቃዲሾ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪቀረው ድረስ ወደ ውቅያኖሱ ይመጣና ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል። ከዚያ ከባሕሩ ዳር ጎን ለጎን ብዙ ርቀት ተጉዞ፣ ጁባ ሳይደርስ ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይጠፋል። ከጁባ ጋር ተገናኝቶ ውቅያኖስ የሚገባው ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ነው። ስለዚህ ትእዛዙን ቃል በቃል ተከትሎ ውሃው የት እንደሚደርስ ያሰበ ተማሪ በአብዛኞቹ ዓመታት የሚጽፈው ፊደል የለውም። ክፍት ትቶት ከሆነ ይሳሳታል፤ ጎበዝ ዝናብ የጣለ ዓመት ላይ ከተፈተነ ግን ለ ብሎ ሊያልፍ ይችላል።

አንዳንድ ጠንቃቃ መምህር ለዚህ ሲል «ረ. አሸዋ ውስጥ ይቀራል» የሚል ስድስተኛ ምርጫ ይጨምር ይሆናል። ያን ጊዜ ዋቢ ሸበሌ መጠጊያ ያገኛል፣ ቀይ ባሕርም እንደተለመደው ሥራ ፈትቶ ይቆያል። ነገር ግን አቤ ሐይቅም የሚገኘው በረሃ ውስጥ ነው፤ አዋሽን ረ ያለ ተማሪ ወረቀቱን ይዞ ወደ መምህራን ክፍል መምጣቱ አይቀርም።