ከቴምብር ግርጌ ያለችውን ጽሕፈት ፎቶ ለማንሳት የሚጠበቅ ሥርዓት

ክቡር አንባቢ፣ በስዊዘርላንድ ላ ሾ ደ ፎን ከተማ የነበረው ኩርቯዚዬ ማተሚያ ቤት ለብዙ አገሮች፣ ለኢትዮጵያም ጭምር፣ ቴምብር ሲያትም ስሙን ከሥዕሉ በታች በነጩ ጠርዝ ላይ ያኖር ነበር። እርስዎ ይህን ስም በማጉያ መነጽር አይተውታል። ሌላ ከተማ ያለው ሰብሳቢ ወዳጅዎ ግን «እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ድርቅ ብሏል። እንግዲህ ነገሩ የክብር ጉዳይ ሆኗልና ቤተሰቡን ሰብስበው ያስታውቁ፤ ማራገቢያው ይጥፋ፣ ልጆች ከጠረጴዛው ይራቁ፣ ቴምብሩም በጣት ሳይሆን በፒንሴት ተይዞ ከአልበሙ ይውጣ። ከነፕላስቲኩ አነሳለሁ የሚል ሰው የሚያገኘው የመስኮቱንና የራሱን ግንባር ፎቶ ነው።

መጀመሪያ ፍላሹን ያጥፉ። ፍላሽ ከሌንሱ ጎን ሆኖ ፊት ለፊት ስለሚመታ ብርሃኑ ከወረቀቱ ነጥሮ ተመልሶ ሌንሱ ውስጥ ይገባል፤ ቀጫጭኖቹን ፊደላትም ነጩ ይውጣቸዋል። «ብርሃን በጎን ይግባ» የሚለውን የድሮ ምክር የሰሙ ሰዎች ደግሞ ባትሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ያበራሉ። ይህ ለሳንቲም ወይም ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ለሚታተም የብረት ቅርጽ ሥራ ደግ ነው፤ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል። ኩርቯዚዬ የታወቀበት የሄልዮ ኅትመት ግን ልሙጥ ነው። ከአንድ ጎን በዝቅታ ያበሩበት እንደሆነ ፊደሉ ጥላ የለውም፤ ጥላ የሚኖረው የወረቀቱ ጭረት ነው፤ ወዳጅዎም «ይኸው ቆሻሻ ነው ያልኩህ» ይላል። የሚበጀው በመስኮት በኩል የሚገባ፣ ፀሐይ በቀጥታ ያልመታችው ብርሃን ነው፤ ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል ደግሞ ነጭ ወረቀት አቁመው ብርሃኑን ወደ ቴምብሩ ይመልሱት።

ስለ ቀለም አንድ ምስጢር ልንገርዎ፤ ለሁሉም አያውሩት። ጽሕፈቱ በነጭ ላይ በፈዛዛ ቢጫ የታተመ ከሆነ በመስኮት ብርሃን ምንም ቢደክሙ አይወጣም። ያን ጊዜ ክፍሉን ያጨልሙና የባለቤትዎን ስልክ ይዋሱ፤ በማያ ገጹ ላይ ድፍን ሰማያዊ ምስል ከፍተው ድምቀቱን እስከ መጨረሻ ያድርሱት፣ ቴምብሩንም በእሱ ብቻ ያብሩት። ቢጫ ቀለም ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ ፊደሉ ይጠቁራል፤ ወረቀቱ ይመልሰዋልና እንደ በራ ይቀራል። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለውጡት ስሙ ቁልጭ ይላል። በተቃራኒው፣ በጥቁር ጽሕፈት ላይ ቀይ ማኅተም ካረፈበት ማያ ገጹን ቀይ ያድርጉት፤ ማኅተሙ ከወረቀቱ ጋር እኩል በርቶ ይጠፋል፣ ጥቁሩ ግን ይቀራል። በጥቁር ጽሕፈት ላይ ጥቁር ማኅተም ካረፈበት የሚረዳ ብርሃን የለም፤ ሌላ ቴምብር ይፈልጉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ፤ ርቀት። ሰው ሁሉ ፊደሉ ትንሽ ነው ብሎ ስልኩን አፍንጫው እስኪነካው ያስጠጋል፤ ስልኩም በዚያ ርቀት ፎከስ ማድረግ ስለማይችል ጭጋግ ያነሳል። ዋናው ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወዲህ አያይም፤ አዳዲሶቹ እንዲያውም የበለጠ ርቀት ይጠይቃሉ። እስቲ እናስላው። የፊደሉ ቁመት ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ፎቶው ከጎን ወደ ጎን 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠረጴዛ ይይዛል። ባለ 12 ሜጋፒክሰል ካሜራ ይህን በ4000 ነጥብ ይሸፍነዋል፤ ለአንድ ሚሊ ሜትር 28 ነጥብ፣ ለፊደሉ 14 ነጥብ ደረሰው ማለት ነው። አጥብቆ ለሚያይ ይነበባል። በሁለት ጣት ዙም ማድረግ ግን በአብዛኛው እነዚያኑ 14 ነጥቦች መለጠጥ እንጂ ሌላ ነጥብ መጨመር አይደለም። በርካሽ ስልኮች ላይ ያለው «ማክሮ» የሚባለው ባለ 2 ሜጋፒክሰል ሌንስም ስሙ እንጂ ዓይኑ ደካማ ነው።

መፍትሔው የወርቅ ሠሪዎቹ ባለ 10 ማጉያ ነው። ማጉያውን ከስልኩ ሌንስ ጋር አጋጥመው ከቴምብሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲያደርጉት ያው ፊደል 50 ነጥብ ያልፋል። ዋጋ ግን ያስከፍላል። መሐሉ ብቻ ይጠራል፣ ዳር ዳሩ ይንሻፈፋል፤ ስለዚህ ስሙን ልክ መሐል ላይ ያስቀምጡት። ስልኩም ቴምብሩን ስለሚጋርደው ብርሃኑ ከግራም ከቀኝም በእኩል ይግባ።

በዚህ ቅርበት ስልኩ በወረቀት ውፍረት ከፍ ዝቅ ቢል እንኳ ፎከሱ ይሄዳልና በእጅ አይያዝ። ብርሃኑን እንዳይጋርዱ ከፊትና ከኋላ እኩል መጻሕፍት ከምረው ስልኩን ያስተኙበት፤ ከቴምብሩ ሥር ወረቀት እየጨመሩ ከፍታውን ያስተካክሉ። ጽሕፈቱን በጣት ነክተው ጫን ይበሉና ፎከሱን ይቆልፉ፤ በብዙ ስልኮች ላይ ብቅ የምትለዋን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ታች ይጎትቷት። ቴምብሩን ለጌጥ ጥቁር ጨርቅ ላይ ላስቀመጠ ሰው ይህ የግድ ነው፤ ስልኩ ጨርቁን አይቶ ጨለመ ብሎ ብርሃን ይጨምርና ጠርዙን ከነፊደሉ ያነጣዋል። ሲያነሱ ሰዓት ቆጣሪውን ይጠቀሙ፤ መንካትዎ ራሱ ያንቀጠቅጠዋል፤ እስኪያነሳም ድረስ ባይተነፍሱ ይመረጣል።

ፎቶው ሲደበዝዝ ወዲያው ሌንሱን ከመራገም በፊት ምርመራ ይደረግ። ፊደላቱ በአንድ አቅጣጫ እንደተደገሙ ከታዩ ተንቀሳቅሷል። የስሙ መጀመሪያ ጠርቶ መጨረሻው ከፈዘዘ ወይ ቴምብሩ ተቆልምሟል ወይ ስልኩ አጋድሏል። ፊደላቱ በዘይት የታሹ መስለው ከተድበሰበሱ ብርሃን አንሷል፤ ስልኩ የጨለማውን ጉድፍ ለማጽዳት ሲል ፊደሉንም አብሮ ጠርጎታል። የወረቀቱ ጭረት አንድ በአንድ እየታየ የፊደሉ ጠርዝ ግን ጥርስ ጥርስ ካለው እርስዎ ከነቀፋ ነፃ ነዎት፤ ሄልዮ ሥዕሉንም ጽሕፈቱንም በጥቃቅን ጉድጓዶች ከፋፍሎ ስለሚያትም ጥርሱ ከስዊዘርላንድ የመጣ ነው፤ ሌንስ ቢቀየር አይስተካከልም።

የቀረው መቁረጥና መላክ ነው፤ ብዙ ድካም ከንቱ የሚሆነውም እዚህ ነው። ያለማጉያ ያነሱትን ሙሉ ፎቶ በተለመደው መንገድ በቴሌግራም ቢልኩት ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ነጥብ ሊወርድ ይችላል፤ 14 የነበረው ፊደል ከ5 በታች ይሆናል። በዚህ ቁመት የላቲኑ ሲ ከኦ አይለይም፤ ስሙ ደግሞ በሲ ይጀምርና ኦ ያስከትላል። ስለዚህ መጀመሪያ ይቁረጡ፣ ከዚያ ይላኩ፤ ቁራጩ ከ1280 ነጥብ ካልበለጠ የሚያሳንሰው የለም። ከጽሕፈቱ ዙሪያ ትንሽ ነጭ፣ ከሥዕሉም የታችኛውን ጫፍ ይተዉ፤ ያለዚያ ወዳጅዎ «ይህ የየትኛው ቴምብር ነው?» ማለቱ አይቀርም። በእጅ አጉልተው ከማያ ገጹ ላይ ስክሪንሾት አንስተው አይላኩ፤ ያ የማያ ገጹ ነጥብ እንጂ የካሜራው አይደለም። ሙሉውን ፎቶም በፋይል መልክ ያስከትሉለት።

ወዳጅዎ ይህን ሁሉ ተቀብሎ «ጥሩ፣ አሁን ደግሞ የወረቀቱን የውኃ ምልክት አሳየኝ» ካለዎት መጻሕፍቱን ወደ መደርደሪያው ይመልሱ። እሱ ከጀርባ የሚገባ ብርሃን ይፈልጋል፤ ቤተሰቡም ማራገቢያውን ይፈልጋል።