እንኳን ደስ አለህ፣ ቁጥርህ ወጣ!

የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ እንዳይመስልህ፤ እሱማ ድሮ ወጥቶልሃል። አሁን የቤት ቁጥርህ የወጣው ማኅበሩ ብሎኩ መግቢያ ላይ በለጠፈው የውዝፍ ዝርዝር ነው። የ11 ወር መዋጮ፣ በወር 400፣ 4,400 ብር። የጋራ መዋጮ ብንልህ ዕዳውን ጋራ አሳከልከው!

«ስሜን አጠፉት» ትላለህ አሉ። ስምህ የታለና? የተለጠፈው የቤት ቁጥር ነው። ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያወቀው ጎረቤት ጥፋቱ ምንድን ነው?

«ግራውንድ ነው የምኖረው፣ ደረጃውን አልረግጥም፣ ለምን እከፍላለሁ?» ስሙልኝማ! ታዲያ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ የተሰጣው ብርድ ልብስህ በክንፉ ነው የወጣው? በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውም ጣሪያውም ግቢውም የሁላችን ነው፤ ድርሻህ ከቤትህ ተነጥሎ አይሸጥም። ነገ ቤትህን ስትሸጥ ገዢውን «ጣሪያው የላይኞቹ ነው፣ እኔ አልሸጥኩልህም» ልትለው ነው? ደረጃውን አልረግጥም ያልከው ደረጃህን ስለማታውቅ ነው።

«ጽዳቷ ጠፍታለች፣ ስትመጣ እከፍላለሁ።» ይቺንስ ማን መከረህ? ና እናስላው። ብሎካችን 20 ቤት ነው፤ ሁሉም ቢከፍል በወር 8,000 ብር። 5,000 ለጥበቃው፣ 2,000 ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ 1,000 ለኮሪደር መብራትና ለውሃው ፓምፕ። አንተና አራት ቢጤዎችህ ስትቀሩ 2,000 ይጎድላል። ፓምፑ ከቆመ ሮቶው ባዶውን ይቀራል። ጥበቃው ከሄደ መኪናህ ያለ ስፖኪዮ ታድራለች። ስለዚህ የተቀነሰችው እሷ ናት። አልጠረገችም አትበል፤ አንተ ነህ የጠረግካት!

«ኮሚቴው ይበላል።» ከአንተ ምን አግኝቶ? አንድ ደረሰኝ ሳታስቆርጥ ኦዲት ይጠራልኝ ትላለህ። መጠየቁስ መብትህ ነው፤ ሒሳቡ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል። ግን ጉባኤ በተጠራ ቁጥር ለቅሶ አለብኝ እያልክ ዘመድህን ጨረስከው። እኛማ ዝም ብለን እናዝናለን፤ አያትህን ብቻ አራት ጊዜ ቀብረናል።

«ደንቡስ? እስር ቤት አደረጉት እኮ!» አሳሪው ማን ሆነና! ኮሪደር ላይ ከሰል አታያይዝ፣ በግ ኮሙናል እንጂ ደረጃ ሥር አትረድ ነው የተባለው። ለበዓሉ በጉን ከቆጣሪው ሣጥን ጋር ያሰርከው አንተ አይደለህም? ገመዱን አላምጦ ቢጨርስ ሽቦው ላይ ሊደርስ ነበር። ያኔ መብራት ኃይል ሄደህ «ቆጣሪው በላ» ሳይሆን «ቆጣሪው ተበላ» ብለህ ልታመለክት ነው! ሦስት ቀን ሙሉ ኮሪደሩን አቆሸሸ፣ በመብራቱ አደረ፣ ከሮቶው ጠጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጮኸ። ከአንተ በምን ይለያል? እሱ እንኳ ቆዳውን ከፍሎ ነው የሄደው!