እህ ባይ ሲጠፋ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ሌሎቹ «የእኛስ?» ብለው ይቀየሙኛል። እዚያ «ጋሼ» የምንላቸው ሰው፣ «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ምኑን አደርኩት!» ብለው ቀኑን ይከፍታሉ። ዝናብ ከዘገየ ጤፉ አለቀለት፤ ከዘነበ በርበሬው በሰበሰ። አበል ከዘገየ ተበልቷል፤ ከመጣ ተቆርጧል። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ክፍሉ ለቅሶ ቤት ይሆናል።

ሲጋል ባርሴድ የተባለች ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ 94 ተማሪዎችን በየቡድኑ ከፋፍላ ገንዘብ እንዲደለድሉ አድርጋ ነበር። በመካከላቸው በየቡድኑ የተለያየ ስሜት እንዲያሳይ የሠለጠነ ተዋናይ አስገባች። የሰውየው ስሜት ተጋባባቸው። ደስታው በተጋባባቸው ዘንድ ትብብሩ በረታ፣ ጭቅጭቁ ቀነሰ። የእኛ ጋሼ ግን ሥልጠና እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ገጠር ደቦ ላይ አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ «ወገቤን!» የሚለው ሰው ድምፁ በዘፈኑ ይዋጣል። ቢሮ ውስጥ ግን አውጪው ጋሼ፣ ተቀባዮቹ እኛ። «እህ!» «ኧረ ተዉ!» «እውነትዎን እኮ ነው!» ከንፈር እየመጠጥን ቀጣዩን ስንኝ የምናቀብላቸው እኛው ነን።

ይህን ያስተዋለችው አዲስ የመጣች ወጣት ባለሙያ ናት። ለመስክ ሥራ ወደ ቡሬ ስንወርድ ፒክአፑ ውስጥ ከጎናቸው ተቀመጠች። ገና ከከተማ ሳንወጣ «ያለፈው ወር አበል ቀረ» አሉ። እሷ እህ አላለችም፤ ደብተር አወጣች። «ስንት ቀን ነበር ጋሼ? ደብዳቤው ለፋይናንስ ይሁን?» ቀኑን ጻፈች፣ አስፈረመቻቸው። እውነትም አልተከፈላቸውም ነበርና፣ እሱን ችላ ማለት ነውር ይሆን ነበር።

ቀጥለው «ይህ ሾፌር ሊፈጀን ነው» አሉ። «ቀስ በል እንበለው?» «ተይው ልጄ።» ከዚያ ፀሐዩ፣ ከዚያ አቧራው፣ ከዚያ የዛሬ ልጆች። ለነዚህ የሚጻፍ ስለሌለ መስኮቱን እያየች ስለ በቆሎው ትጠይቃቸዋለች። ቡሬ ስንቃረብ ጋሼ ፊታቸውን ወደ ሾፌሩ አዞሩ። እሱ ለካ ጥሩ እህ ባይ ኖሯል፤ ከመኪናው ሲወርድ ኑሮን፣ ነዳጅንና አማቱን በአንድ ትንፋሽ ያማርር ነበር።

ዘዴዋን እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ሁሌ አይሠራም። ሳቂታ የነበረ ሰው ድንገት ማማረር ከጀመረ ደብተር ሳይሆን ለብቻ ወስዶ «ቤት ሰላም ነው?» ማለት ይሻላል። ጋሼ ግን ሃያ ዓመት እንዲሁ ናቸው ይላሉ የሚያውቋቸው።

ደብዳቤው ሠርቶ አበሉ ተከፈለ። ጋሼ ገንዘብ ያዡ ፊት ቆመው ደጋግመው ቆጠሩት፤ አልጎደለም። ትንሽ ዝም አሉና፦

«አዲስ ብር ነው የሰጡን። ይኸው፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል።»